ከደብተር ገጽ ወደ ቤት ፕላን፦ 90 ሳንቲ ሜትሩ የት ገባ?

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ደብረ ብርሃን ላይ ቤት ሊሠሩ አስበው፣ በባለ ካሬ ደብተር ገጽ ላይ በእጃቸው የነደፉትን አመጡልኝ። ሥራዬ ፕላን መንደፍ በመሆኑ እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙ ጊዜ ይደርሰኛል። አንዳንዱ በፖስታ ጀርባ ላይ የተሳለ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከስልክ ካሜራ የተላከ ጠማማ ፎቶ። የመምህሩ ግን በማስመሪያ የተሰመረና ንጹሕ ነበር፤ በየክፍሉ ውስጥም ማን እንደሚተኛበት ተጽፏል። “እማማ” የሚለው ከፊት ለፊት በስተቀኝ ባለው መኝታ ቤት ውስጥ ነው። እማማ የባለቤታቸው እናት ናቸው፤ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዘው ነው የሚራመዱት። ቤቱ ፎቅ የሌለውና ከበር እስከ ሽንት ቤት ደረጃ የማይወጣበት እንዲሆን የተፈለገውም በዋናነት ለእርሳቸው ነው።

ንድፉ እንዲህ ይላል። ቦታው ፊቱ 10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 15 ሜትር ነው። ቤቱ በግራ በኩል የጎረቤት ወሰን ላይ ያርፋል፤ በቀኝ 2 ሜትር መተላለፊያ፣ በጀርባም 2 ሜትር ልብስ ማስጫ ይተዋል። ስለዚህ ለቤቱ ወርድ 8 ሜትር ቀረ። ከፊት ሳሎን 5 በ4፣ ከጎኑ የእማማ መኝታ 3 በ4። ከኋላ ማድ ቤት 3 በ3፣ መሃል ላይ መታጠቢያ ቤት 2 በ3፣ በቀኝ ጥግ የባልና ሚስቱ መኝታ 3 በ3። ከፊት 5 ሲደመር 3 ስምንት ይመጣል፤ ከኋላ 3 ሲደመር 2 ሲደመር 3 እሱም ስምንት ነው። መምህሩ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ድምሩን ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት ጊዜ ጽፈውታል።

እርሳስ ከመያዜ በፊት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ 10ና 15 ያሉት በሜትር ተለክቶ ነው ወይስ ከካርታ የተወሰደ? በሜትር ለክተዋል። ግን አራቱን ጎን ብቻ ነው የለኩት። የአንድ ቦታ አራት ጎን ልክ ሆኖ ቦታው ራሱ የተጣመመ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ሜትር ሲዘረጋ ነው። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከሆኑ ጥጎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። 10 በ15 ለሆነ ቦታ ሁለቱም ወደ 18 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር መምጣት አለባቸው። መምህሩ ልጃቸውን ይዘው ሄደው ለኩ፤ የሁለቱ ልዩነት ሁለት ጣት አይሞላም። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን ኖሮ የቤቱ አንድ ጥግ ከጎረቤት ወሰን ማለፉ ነበር።

ቀጥሎ ስኬል ነው። ለመኖሪያ ቤት 1 ለ50 ይመቸኛል፤ ወረቀቱ ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ማለትም አንድ ሜትር በወረቀት 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 8 ሜትር ቤት 16 ሳንቲ ሜትር ስለሚወጣው ተራ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል፤ ልኬት ለመጻፍም ዙሪያው ይተርፋል። እቤት ሆናችሁ መሞከር ለምትፈልጉ ደግሞ ባለ ካሬ ወረቀት ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ካሬውን በማስመሪያ ለኩት። ጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በ1 ለ50 አንዱ ካሬ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ልኬት ደግሞ በ20 ብሎኬት ተሠርቶ በሁለቱም ፊት የተለሰነ የውጭ ግድግዳ ውፍረት ነው። ግድግዳውን አንድ ካሬ ሙሉ አጥቁራችሁ መሳል ትችላላችሁ ማለት ነው።

የመምህሩ ድምር የፈረሰውም እዚሁ ላይ ነው። በእጅ ንድፍ ግድግዳ አንድ መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ ቦታ አይዝም። በእውነተኛው ቤት የውጭ ግድግዳ 25 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ በ15 ብሎኬት የሚሠራው የውስጥ ግድግዳ ከነልስኑ 20። ከፊት በኩል ከግራ ወደ ቀኝ ስንሄድ ሦስት ግድግዳ እናቋርጣለን፤ 25፣ 20፣ 25፤ ድምሩ 70 ሳንቲ ሜትር። ከኋላ ግን ክፍሎቹ ሦስት ስለሆኑ የምናቋርጠው አራት ግድግዳ ነው፤ ድምሩ 90። እንደ ንድፉ ክፍሎቹን በሙሉ ልካቸው ብንሠራ ቤቱ ከፊት 8 ሜትር ከ70፣ ከኋላ 8 ሜትር ከ90 ይሆናል። ፊቱና ጀርባው አይገጥሙም፤ የ2 ሜትሩ መተላለፊያም ወደ 1 ሜትር ከ10 ይወርዳል።

“እኔ የደመርኩት ስህተት አለው?” አሉኝ መምህሩ፣ ትንሽ ቅር እያላቸው።

“ድምሩስ ትክክል ነው ጋሼ፤ ግድግዳው ነው ያልተደመረው” አልኳቸው።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ከሁሉም ክፍል እኩል እኩል ይቀነስ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መኝታ ቤት ከ3 ሜትር ወርድ ሲያንስ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ይጣላሉ፤ ሳሎን ግን 70 ሳንቲ ሜትር ቢቀነስበት ሶፋውን አዙሮ ማኖር ይቻላል። ስለዚህ ሁለቱን መኝታ ቤቶች በ3 ሜትር ወርዳቸው ተውኳቸው፤ በመካከል ያለው ግድግዳም ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ አደረግሁ። ሳሎኑ 4 ሜትር ከ30 ሆነ። ከኋላ ለማድ ቤቱና ለመታጠቢያ ቤቱ የቀረው 4 ሜትር ከ10 ነው፤ 2 ሜትር ከ40 ለማድ ቤት፣ 1 ሜትር ከ70 ለመታጠቢያ ቤት።

“ሳሎኔን 70 ሳንቲ ሜትር ልትቀማኝ ነው?” አሉ መምህሩ። ባለቤታቸው ግን ከእኔ ቀድመው መለሱላቸው፤ “እንግዳው በዓመት ስንት ቀን ይመጣል? ቁም ሣጥኑ እኮ ዘወትር ነው ያለው።”

ወርዱ በዚህ ተዘጋ። ከዚያ በሮቹን መሳል ጀመርኩ። በእጅ ንድፍ ላይ በር ብዙውን ጊዜ ይረሳል፤ ወይም በመስመሩ ላይ ትንሽ ክፍተት ተደርጎ ይታለፋል። እኔ ግን አንድ ንድፍ ቤት መሆን አለመሆኑን የማውቀው በጣት በመሄድ ነው። ጣቴን ከዋናው በር ላይ አሳርፌ ግድግዳ ሳልነካ ወደ እያንዳንዱ ክፍል እሄዳለሁ። በመምህሩ ንድፍ ሳሎን ገባሁ፣ ማድ ቤት ገባሁ፣ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ እማማ ክፍል ገባሁ። የባልና ሚስቱ መኝታ ግን መግቢያ የለውም። ከሳሎኑ ጋር የሚነካካው በጥግ ብቻ ነው። ወደዚያ ለመግባት ወይ በእማማ ክፍል፣ ወይ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ማለፍ ግድ ነው።

ያለው አማራጭ ሁለት ነው። አንደኛው ከፊቱና ከኋላው ረድፍ መካከል ሙሉ ኮሪደር ማስገባት ነው። ኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር ከሄደ ግን ማንም የማይቀመጥበት 8 ካሬ ሜትር ገደማ ይበላል፤ መሠረቱም ጣሪያውም ለእሱ ይከፈልበታል። ሁለተኛው ከመታጠቢያ ቤቱ መቁረጥ ነው። 3 ሜትር ጥልቀት ለመታጠቢያ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ከሳሎኑ በኩል 1 ሜትር ከ10 ቆርጬ ትንሽ መተላለፊያ አደረግሁት፤ ከሳሎን ወደዚህች መተላለፊያ ሲገባ ፊት ለፊት የመታጠቢያ ቤቱ በር፣ በቀኝ የመኝታ ቤቱ በር ይገኛል። መታጠቢያ ቤቱ ከግድግዳው በኋላ 1 ሜትር ከ70 ጥልቀት ብቻ ስለቀረው ጠበበ። በወርድ መፍትሔ ባይኖርም በጥልቀት ግን ነበረን፤ የኋላውን ረድፍ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፍቼ 3 ሜትር ከ30 ሳደርገው መታጠቢያ ቤቱ 1 ሜትር ከ70 በ2 ሜትር ሆነ። ማድ ቤቱም የኋላው መኝታም የ30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ አገኙ። ቤቱ በጠቅላላው 8 በ8 መጣ፤ ከፊት 5 ሜትር ግቢ ተረፈ። ማድ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ስለሚጋሩ ደግሞ የውሃው ቧንቧ በአንድ መስመር ይሄዳል።

የበር ስፋት ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ባለበት ቤት። በአብዛኛው ቤት የሽንት ቤት በር በ70 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። 70 ማለት ግን በግድግዳው ላይ የሚተወው ክፍተት ነው እንጂ ሰው የሚያልፍበት አይደለም። የመቃኑ ውፍረት በሁለት ወገን 4፣ 4 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ በሩ ተከፍቶ ሲቆም የመዝጊያው ውፍረት ሌላ 4 ይጨምራል። የቀረው 58 ነው። የእማማን መደገፊያ በሜትር ለካነው፤ ወርዱ 62 ሳንቲ ሜትር። በ70 በር ቢሠራ እማማ መደገፊያቸውን ውጭ ጥለው፣ ግድግዳ ይዘው መግባት ነበረባቸው፤ ያውም በረጠበ ወለል ላይ። በሩን 90 አደረግነው፤ መተላለፊያው 78 ቀረ። በወጪ በኩል የሚጨመረው 20 ሳንቲ ሜትር መዝጊያ ነው፤ ያን ያህል ብሎኬትም ይቀንሳል።

በር በፕላን ላይ ሲሳል መዝጊያው የተከፈተ መስመር ይሆናል፤ ከጫፉ ወደ መቃኑ ደግሞ በኮምፓስ ሩብ ክብ ይሳላል። ይህ ቅስት መዝጊያው ሲዞር የሚጠርገውን ወለል ያሳያል። በቅስቱ ውስጥ አልጋ፣ መቀመጫ ወይም የሌላ በር ቅስት ከገባ ሁለቱ ይጋጫሉ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ወደ ውስጥ ብናደርገው ቅስቱ ከእጅ መታጠቢያው ጋር ይደራረባል፤ ከዚህ የከፋው ግን ሰው ውስጥ ወድቆ በሩን ቢደገፍ ከውጭ መክፈት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ እንዲከፈት አደረግሁ። ማጠፊያውን በማድ ቤቱ ወገን ሳደርገው መዝጊያው ተከፍቶ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይተኛል፤ ትይዩ ያለውን የመኝታ ቤት በር አይጋርድም። በዚህ ምክንያት ማድ ቤቱ በሩን ከመተላለፊያው ሳይሆን ከሳሎኑ ይወስዳል፤ ሌላ በር ደግሞ ወደ ጀርባው ግቢ አለው።

የእማማ ክፍል በር በንድፉ ላይ ከዋናው መግቢያ አጠገብ ነበር። በዚያው ግድግዳ ላይ ወደ ኋላ፣ ወደ መተላለፊያው ጥግ አዛወርኩት። ሌሊት ሲነሱ ሳሎኑን ሙሉ ማቋረጥ አይጠበቅባቸውም።

መስኮት ላይ መጀመሪያ የጠየቅሁት ፀሐይ በየት ትወጣለች የሚለውን ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። የቦታው ፊት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ሳሎኑና የእማማ ክፍል የጠዋት ፀሐይ ያገኛሉ፤ መምህሩ እማማን እዚያ ማድረጋቸው ትክክል ነበር። የሰሜን ቀስት ፕላኑ ጥግ ላይ የሚሳለውም ለዚህ ነው። በንድፉ ላይ የማድ ቤቱ መስኮት በግራ ግድግዳ ላይ ነበር። ያ ግድግዳ ግን የጎረቤት ወሰን ላይ ያረፈ ነው፤ ወደ ሰው ግቢ መስኮት አይከፈትበትም። ወደ ጀርባው ግድግዳ፣ ከግቢው በር አጠገብ አዛወርኩት። ግድግዳችሁ ከወሰን ፈቀቅ ያለ ከሆነ መስኮት ለማውጣት የሚያስፈልገውን ርቀት ከአካባቢያችሁ የግንባታ ፈቃድ ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ብሎኬቱ ተደርድሮ ካለቀ በኋላ መስኮት ድፈኑ መባል ውድ ነው።

ፕላን ቤቱ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በቢላ ተቆርጦ ከላይ እንደታየ ነው። ስለዚህ መስኮቱ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ በቀጫጭን መስመር ይታያል፤ ከመቁረጫው በላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት ትንሽ መስኮት ደግሞ በተቆራረጠ መስመር። ቁመት በፕላን ላይ ስለማይታይ ለብቻው በሠንጠረዥ ይጻፋል። በዚህ ቤት የሁሉንም በርና መስኮት ራስ ከወለል 2 ሜትር ከ10 ላይ አደረግሁት፤ በላዩ የሚያልፈው ኮንክሪት አንድ መስመር ላይ ይሆናል፣ ግንበኛውም አይሳሳትም። ደፉ ግን እንደየክፍሉ ይለያያል። ሳሎን 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ይጀምራል፣ ማድ ቤት ከመሥሪያው ጠረጴዛ በላይ እንዲሆን 1 ሜትር ከ10፣ መታጠቢያ ቤት 1 ሜትር ከ50።

የመጨረሻው ሥራ ልኬት መጻፍ ነው፤ እኔ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ረድፍ እጽፋለሁ። የውጪው ረድፍ ጠቅላላው 8 ሜትር ነው። መካከለኛው ግድግዳና ክፍል በተራ ነው። ለቤቱ የሚጠጋው ደግሞ በርና መስኮቶቹ ከጥግ ምን ያህል እንደሚርቁ ይናገራል። በፊት ለፊቱ ያለው እንዲህ ሆነ፦ ግድግዳ 25፣ ባዶ 40፣ ዋና በር 100፣ ባዶ 70፣ የሳሎን መስኮት 180፣ ባዶ 40፣ ግድግዳ 20፣ ባዶ 75፣ የእማማ መስኮት 150፣ ባዶ 75፣ ግድግዳ 25። ደምሩት፤ 800 ይመጣል። ሦስቱ ረድፎች አንድ ድምር ካልሰጡ ፕላኑ ከእጄ አይወጣም። መምህሩ ይህን ክፍል ራሳቸው አረሙት፤ ቀይ እስክሪብቶም ይዘው ነበር።

ከግርጌው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ “ልኬቶቹ ከነልስናቸው ናቸው።” ይህ ካልተጻፈ ግንበኛው ከብሎኬት እስከ ብሎኬት ያለው 3 ሜትር መስሎት ይሠራል፤ ሲለሰን ክፍሉ 2 ሜትር ከ95 ይሆናል፤ 3 ሜትር የታዘዘ ቁም ሣጥን አይገባም። ከዚያም 5 ሜትር የሚያሳይ የተመረቀ መስመር ሳልኩ። ፕላን ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ወይም ከስልክ ሲታተም ሊያንስ ወይም ሊያድግ ይችላል፤ ያኔ 1 ለ50 የሚለው ጽሑፍ ውሸት ይሆናል፣ መስመሩ ግን አብሮ ስለሚያንስ አይዋሽም። ኮፒው ላይ ያለው መስመር በማስመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ካልሆነ ከወረቀቱ ላይ በማስመሪያ አትለኩ፤ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ተከተሉ። ለግንባታ ፈቃድ ደግሞ ይህ ፕላን ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አይቶ መፈረም አለበት።

ለቤተሰቡ ግን ወረቀት ሁልጊዜ አይናገርም። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በዚያው ስኬል ከካርቶን ቆርጬ ሰጠኋቸው፤ 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ90 የሆነው የእማማ አልጋ 2.4 በ3.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ማታ ማታ ፕላኑ ላይ እያዟዟሩ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ አልጋው ራስጌው ከመስኮቱ ጎን እንዲሆን ተስማሙ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ቦታው ላይ ክር ወጥረን ቤቱን በሙሉ ልኩ በኖራ አሰመርነው፤ የበሮቹን ቦታ ክፍት ትተን። እማማ በመደገፊያቸው ከክፍላቸው ወጥተው፣ በመተላለፊያዋ አልፈው፣ የኖራውን መስመር ሳይነኩ መታጠቢያ ቤት ገቡ። ተመልሰው አልጋው በሚሆንበት ቦታ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና “መስኮቱ ከምን ይጀምራል?” አሉ። በሜትር 90 ሳንቲ ሜትር ላይ አሳየኋቸው።

“ጋደም ስል ታዲያ ሰማይ ብቻ ነው የማየው። የግቢውን በር ማን እንደሚያንኳኳ ማየት እፈልጋለሁ፤ ዝቅ አድርግልኝ ልጄ።”

ደፉን 60 ላይ አወረድነው። ራሱ 2 ሜትር ከ10 ላይ ስለሚቀር የመስኮቱ ቁመት ከ1 ሜትር ከ20 ወደ 1 ሜትር ከ50 አደገ፤ ዝቅ ስላለም ከውስጥ ፍርግርግ ተጨመረበት። ፕላኑ ላይ አንድም መስመር አልተነካም፤ የተቀየረው ለብረት ሠራተኛው በሚሄደው ሠንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።